«ሆኖም»፣ «ምንም እንኳ»፣ «ምክንያቱም»፦ የክፍት ቦታ ምንባብ ስታዘጋጁ የትኛው መንገድ ይሻላችኋል?

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሰፈር ልጆች ሰብስቦ የሚያስጠና ሰው አይጠፋም። ከአስጠኚዎች ጋር ስናወራ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ልጆቹ ምንባብ ያነባሉ፣ የእያንዳንዱን ቃል ትርጉምም ያውቃሉ፣ ግን አንዱ ዓረፍተ ነገር ከሌላው ጋር በምን እንደተያያዘ ስትጠይቋቸው ዝም ይላሉ። ይህን ለማየት ጥሩው መሣሪያ አያያዥ ቃላቱን ከምንባቡ አውጥቶ ቦታቸውን ክፍት መተው ነው። አዘገጃጀቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እኔ የማውቃቸው 4 መንገዶች አሉ፣ የሚሰጡት ውጤትም በጣም ይለያያል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የምታስጠኑት ጥቂት ልጆች ከሆነ ያለ ምርጫ ክፍት ቦታ ተዉላቸው። ክፍሉ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ 3 ምርጫ ስጡ። የቃላት ሳጥን ለልምምድ ይሆናል እንጂ ለፈተና አይሆንም። በየሰባተኛው ቃል መሰረዝን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። አሁን ለምን እንደሆነ በአንድ ምንባብ ላይ እንየው።

ምንባቡ ሙሉውን ይህ ነው፦

«አንድ ቤተሰብ ከከተማ ጫፍ ያለ ኮንዶሚኒየም ገባ። ብሎካቸው ላይ ውሃ የሚመጣው በሳምንት 2 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ትልቅ ሮቶ መግዛት ግድ ሆነባቸው። ሮቶው እስከ አፉ ቢሞላም ውሃው ከ4 ቀን በላይ አይቆይም። ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ 7 ሰው አለ። የጎረቤታቸው የእማማ ሮቶ የዚህን ግማሽ ያህላል። ሆኖም ውሃ አልቆባቸው አያውቅም። የሚኖሩት ብቻቸውን ነው።»

አያያዦቹ 4 ናቸው፦ «ስለዚህ»፣ «ቢሞላም»፣ «ምክንያቱም» እና «ሆኖም»። ሁለተኛውን አያያዥ ማለቴ ግር ሊላችሁ ይችላል፣ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ዋናው ጉዳይ እዚያ ላይ ነው ያለው።

በየሰባተኛው ቃል መሰረዝ

ክሎዝ የሚባለው ፈተና ሲጀመር እንዲህ ነበር። ዊልሰን ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ በ1953 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ አንድ ጽሑፍ ለአንባቢው ምን ያህል እንደሚከብድ ለመለካት ነው። ቃል አይመረጥም። በየአምስተኛው ወይም በየሰባተኛው እየቆጠሩ መሰረዝ ብቻ ነው። ጽሑፉ ከልጁ ደረጃ ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ለማወቅ ዛሬም ያገለግላል።

የእኛን ምንባብ በየሰባተኛው ቃል ብንሰርዘው የሚጠፉት «ገባ»፣ «ቀን»፣ «ሮቶ»፣ «ቢሞላም»፣ «ቤቱ»፣ እንደገና «ሮቶ» እና «አያውቅም» ናቸው። ከ7ቱ አያያዥ የሆነው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በአጋጣሚ። ከአንድ ቃል ቀጥሎ መቁጠር ብንጀምር ኖሮ እሱም ይቀር ነበር። ልጁ 6 አግኝቶ 1 ቢሳሳት ጎበዝ ነው ትላላችሁ፣ የሳታት ግን እናንተ ልታዩ የፈለጋችኋት አንዷን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቁጠሩን ተዉትና አያያዦቹን ራሳችሁ መርጣችሁ አውጡ። ከዚህ በኋላ ያሉት 3 መንገዶች ሁሉ መርጦ በማውጣት ላይ የቆሙ ናቸው።

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት፦ ግሡ መልሱን እንዳይናገር

ይህን ክፍል አትዝለሉት፣ የትኛውንም መንገድ ብትይዙ ያስፈልጋችኋል።

በአማርኛ «ምንም እንኳ» ብቻውን አይቆምም። «ቢ…ም» የሚል ግሥ ይፈልጋል፦ ቢሞላም፣ ቢደክመውም፣ ደሃ ቢሆንም። ይባስ ብሎ ግሡ ካለ «ምንም እንኳ» ቢቀርም ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድለውም። «ሮቶው እስከ አፉ ቢሞላም ውሃው አይቆይም» ሙሉ አማርኛ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «____ ሮቶው እስከ አፉ ቢሞላም» ብሎ ቢጽፍ ልጁ ምን ያያል? «ቢ» እና «ም»ን ያያል፣ «ምንም እንኳ» ብሎ ይሞላል። የቀረውን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ማንበብ እንኳ አያስፈልገውም። መልሱ ትክክል ነው፣ እናንተ ግን ስለ ልጁ ንባብ ያወቃችሁት ነገር የለም።

መፍትሔው ክፍት ቦታው ግሡን እንዲውጠው ማድረግ ነው። «ሮቶው እስከ አፉ ____ ውሃው ከ4 ቀን በላይ አይቆይም»። አሁን «ስለሞላ» ነው ወይስ «ቢሞላም» ለማለት ልጁ ሁለቱን ሐሳቦች ማነጻጸር አለበት። ሮቶ ከሞላ ውሃ ሊቆይ ይገባ ነበር፣ አልቆየም፣ ስለዚህ ነገሩ የሚጋጭ ነው። ልናየው የፈለግነው ይህችን ሐሳብ ነው። «ቢሞላም»ን አያያዥ ያልኩትም ለዚህ ነው፣ በአማርኛ ተቃርኖውን የተሸከመው ግሡ ስለሆነ።

«ምክንያቱም» ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ሲጽፍ «ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ 7 ሰው ስለሚኖር ነው» ብሎ ይዘጋል። መጨረሻው ላይ «ስለ…ነው» ካለ ልጁ ክፍት ቦታው ላይ ሌላ ነገር ለመጻፍ አይገደድም፣ ጥያቄው አለቀ። ለዚህ ነው ምንባባችን «7 ሰው አለ» ብሎ የቆመው። በዚያው ምክንያት «ብቻቸውን ስለሚኖሩ ውሃ አልቆባቸው አያውቅም» አላልንም፣ ለብቻው አውጥተን «የሚኖሩት ብቻቸውን ነው» አልን። አለበለዚያ «ስለ» የምትለዋን ያየ ልጅ በግምት ይሄድባት ነበር።

ክፍት ቦታችሁ ደህና መሆኑን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ከክፍት ቦታው በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር በእጃችሁ ሸፍኑት። ሸፍናችሁም መልሱን ካገኛችሁት ክፍት ቦታው የሚለካው የግሥ ቅርጽን እንጂ ትስስርን አይደለም። ክፍት ቦታው መሐል ላይ ከሆነ፣ እንደ ሁለተኛው ማለት ነው፣ ከሱ በኋላ ያለውን ግማሽ ሸፍኑ።

ያለ ምርጫ ክፍት ቦታ

ልጁ ቃሉን ከራሱ ያመጣል። እኔ ይህን የምወድበት ምክንያት ስህተቱ ስለሚናገር ነው። አራተኛው ክፍት ቦታ ላይ «ስለሆነም» ብሎ የጻፈ ልጅ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ የእማማ ሮቶ ማነሱን ሳያስተውል ያለፈ ነው። ሌላው ነገሩ ገብቶት «ሆኖም» ለማለት ፈልጎ ድምፁ የተቀራረበበት ነው። «ሆኖም» እና «ስለሆነም» ለጆሮ ይቀራረባሉ፣ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው፣ «በመሆኑም» ሲጨመርማ ነገሩ ይበልጥ ይደበላለቃል። ሁለቱን ልጆች የምትለዩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ «የእማማ ሮቶ ትንሽ ነው፣ ታዲያ ውሃው ቶሎ ማለቅ አልነበረበትም?» በሉት። «አዎ፣ ግን አላለቀም» ካለ ሐሳቡ አለው፣ ቃሉን ብቻ አስተካክሉለት። ዝም ካለ ችግሩ ንባቡ ላይ ነው።

ችግሩ እርማቱ ነው። አራተኛው ቦታ ላይ «ሆኖም»፣ «ነገር ግን»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ግን» ሁሉም ያስኬዳሉ። አንደኛው ላይም «ስለዚህ»፣ «ስለሆነም»፣ «በመሆኑም» ያው ናቸው። የምትቀበሏቸውን ቃላት ወረቀቱን ከማደላችሁ በፊት ጻፉ፣ እያረማችሁ አትወስኑ። እያረሙ የሚወስኑ ሰዎች ለመጀመሪያው ልጅ የከለከሉትን ለአሥረኛው ይሰጣሉ። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሁለት ነገር ለያይታችሁ መዝግቡ፦ ትስስሩ ትክክል ነው ወይ፣ ቅርጹስ? ለምሳሌ አራተኛው ላይ «ምንም እንኳ» ያለ ልጅ ተቃርኖውን አይቷል፣ ግሡ ግን «አያውቅም» ስለሆነ ቅርጹ አልገጠመም። ዜሮ መስጠት ያየውን ነገር መካድ ነው። እኔ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ፣ ጎኑ ላይም «ቅርጽ» ብዬ እጽፍበታለሁ።

ሁለተኛው ላይ ግሡ ራሱ ስለጠፋ ልጁ ሌላ ግሥ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ለመግታት ከክፍት ቦታው ጎን ግሡን በቅንፍ ስጡት፦ «(ሞላ)»። እሱ ቅርጹን ያበጃል።

አምስት ስድስት ልጅ ለሚያስጠና ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም። ፎቶ ኮፒ እንኳ አያስፈልገውም፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ በደብተራቸው ይመልሳሉ።

ለእያንዳንዱ ቦታ 3 ምርጫ

ክፍሉ ውስጥ 50 ልጅ ካለ የተለያየ መልስ እያመዛዘኑ ማረም አይቻልም። ያኔ ምርጫ ስጡ፣ ድካማችሁ ግን ከእርማት ወደ ዝግጅት ዞረ እንጂ አልቀረም። ምርጫዎቹ በቅርጽ አንድ፣ በትስስር የተለያዩ መሆን አለባቸው። ለ1፣ ለ3 እና ለ4 ሦስቱንም ጊዜ «ስለዚህ፣ ሆኖም፣ ምክንያቱም» ስጡ። ሁሉም ዓረፍተ ነገር መጀመር ስለሚችሉ በሰዋስው የሚወድቅ የለም። ለ2 ደግሞ «ቢሞላም፣ ስለሞላ፣ እንዲሞላ» በሉ። «ሆኖም» እና «ነገር ግን»ን በአንድ ምርጫ ውስጥ አታስገቡ። ብልጥ ልጅ «ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ሁለቱም መልስ ሊሆኑ አይችሉም» ብሎ ሳያነብ ይጥላቸዋል።

አሁን በጣም የሚያስቸግረው ነገር፦ ስህተት ነው ብላችሁ ያስገባችሁት ምርጫ ትክክል ሆኖ መገኘቱ። ለሁለተኛው ቦታ «ካልሞላ» የሚል ምርጫ ብትጨምሩ፣ «ሮቶው እስከ አፉ ካልሞላ ውሃው ከ4 ቀን በላይ አይቆይም» ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እንዲያውም ከመልሱ ይልቅ ይመቻል። ለሦስተኛው «በተጨማሪም» ብትጨምሩ ደግሞ «ውሃው አይቆይም፣ በላዩ ላይ 7 ሰው አለ» ብሎ ችግሮቹን የቆጠረ ልጅን ስህተት ነህ ለማለት ይከብዳል። ሁለቱም መውጣት አለባቸው።

አንዳንዴ ጥፋቱ ምርጫው ላይ ሳይሆን ምንባቡ ላይ ነው። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «____ ትልቅ ሮቶ ገዝተው በረንዳ ላይ አስቀመጡ» ቢል ኖሮ አስቡት። «ስለዚህ» ይሆናል። «ሆኖም»ስ? ውሃው በሳምንት 2 ቀን ብቻ ይመጣል፣ ሆኖም እነሱ ሮቶ ገዝተው ችግሩን ተወጡ። ይህም ያስኬዳል። «መግዛት ግድ ሆነባቸው» ሲል ግን በሩ ይዘጋል፣ ግድ የሚሆነው በምክንያት ነውና። ይህን ዓይነቱን ቀዳዳ ብቻችሁን አታገኙትም፣ መልሱን ስለምታውቁ ዓይናችሁ ያልፈዋል። ሁለት ደህና የሚያነቡ አዋቂዎች፣ ጎረቤትም ይሁኑ የሥራ ባልደረባ፣ ያለ ምርጫ ይሙሉት። በአንዱ ቦታ ላይ ትርጉሙ የተለያየ ቃል ካመጡ ምንባቡን አስተካክሉ እንጂ ክርክር ውስጥ አትግቡ።

ውጤቱን ስታዩ ድምሩን ብቻ አትመልከቱ። በግምት ብቻ የሚሞላ ልጅ ከ3 አንዱን ስለሚያገኝ ከ4 ጥያቄ አንድ ወይም ሁለት ማግኘቱ ምንም አይነግራችሁም። ልጁ ምን እንደመረጠ እዩ። አንደኛው ላይ «ምክንያቱም»፣ ሦስተኛው ላይ «ስለዚህ» ያለ ልጅ ምክንያትና ውጤት እንዳለ አውቋል፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን ገልብጦታል። ለሱ ዓረፍተ ነገሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ «የቱ ቀድሞ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነው መድኃኒቱ። ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ አራተኛውን ብቻ የሳተ ልጅ ደግሞ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ እየለያየ ነው የሚያነበው። አራተኛውን ለማግኘት የሮቶውን ትንሽነት ከፊት ከተባለው ጋር ማገናኘት ይጠይቃል። እርግጠኛ ለመሆን ግን አንድ ምንባብ አይበቃም፣ ያው ስህተት በሁለት በሦስት ምንባብ ሲደጋገም ነው የምትፈርዱት።

የቃላት ሳጥን

ከላይ ሳጥን ውስጥ 4 ቃል፣ ከታች 4 ክፍት ቦታ። ለማዘጋጀት ፈጣን ስለሆነ መጽሐፉም አስጠኚውም ይወደዋል። ነገር ግን ሒሳቡ አያምርም። ሦስቱን ያገኘ ልጅ አራተኛውን በነፃ ያገኛል። አንዱን የሳተ ደግሞ የሌላውን ቃል ስለወሰደበት ቢያንስ ሁለት ይስታል፣ ስለዚህ 3 ከ4 የሚባል ውጤት ጨርሶ ሊኖር አይችልም። በእኛ ምንባብማ «ቢሞላም» ሳጥኑ ውስጥ ብቸኛው ግሥ ስለሆነ ቦታውን ራሱ ይጠቁማል።

ሳጥን ካስፈለጋችሁ ትርፍ ቃል ጨምሩበት፦ «ስለሞላ»፣ «እንዲሞላ»፣ «ለምሳሌ»። 7 ቃል ለ4 ቦታ ማለት ነው። ወይም «አንዱን ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ መጠቀም ይቻላል» ብላችሁ ጻፉና ሁለት ቦታ ላይ «ስለዚህ» የሚመልስ ምንባብ አዘጋጁ። ልጆች ገና ሲጀምሩ፣ ቃላቱን ከዓይናቸው ጋር ለማላመድ፣ ሳጥን ጥሩ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲከራከሩበት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። ነጥብ ግን አትስጡበት።

እንግሊዝኛ ከሆነስ?

መንገዶቹ ያው ናቸው፣ የሚያጋልጠው ነገር ግን ይለወጣል። በአማርኛ መልሱን የሚናገረው ግሡ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥቡ ነው። «ሀውኤቨር» ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ከበፊቱ ነጥብ፣ ከበስተኋላው ኮማ ይኖረዋል። «ኦልዞው» እና «ቢኮዝ» ግን በቀጥታ ሐሳብ ያስከትላሉ፣ ሁለት ሐሳብም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስራሉ። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ምርጫ ውስጥ ያስገባ ሰው፣ ከክፍት ቦታው ቀጥሎ ኮማ ካለ መልሱን አብሮ ሰጥቷል። ብዙ የልምምድ ወረቀት ላይ የማየው ይህንን ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ኮማ ማየት የለመደ ልጅ ሳያነብ ሙሉ ነጥብ ይዞ ይሄዳል።

«ሀውኤቨር»ን ከ«ዘርፎር» እና ከ«ፎር ኢግዛምፕል» ጋር አሰልፉ፣ ሁሉም ኮማ ይቀበላሉ። «ኦልዞው»ን ከ«ቢኮዝ» ጋር አፋጥጡ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ስለሚቆሙ ልጁ በሐሳቡ ብቻ ነው የሚለያቸው። ዓረፍተ ነገሩን በክፍት ቦታው ጀምሩትና «____ ሮቶው ሙሉ ነበር፣ ውሃው በ4 ቀን አለቀ» ዓይነት አድርጉት። እንግሊዝኛው ግሡን ስለማይለውጥ እዚህ ላይ ከአማርኛው ይቀላል።

አንድ የእኛ ልጆች ጉዳይ ደግሞ አለ። በአማርኛ «ቢሞላም ግን» ብንል ማንም አይከፋውም። ይህን የለመደ ልጅ በእንግሊዝኛም «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «ባት» ይጨምራል፣ እዚያ ግን ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ይህን ለማየት «ኦልዞው» በተጻፈበት ዓረፍተ ነገር መሐል ክፍት ቦታ ተዉና ከምርጫዎቹ አንዱን «ምንም ቃል አያስፈልግም» አድርጉት። ሌሎቹ «ባት» እና «ሶ» ይሁኑ። «ባት»ን የመረጠው ልጅ ትስስሩ ገብቶታል፣ የጎደለው የእንግሊዝኛው ልማድ ብቻ ነው። «ሶ»ን የመረጠው ግን ዓረፍተ ነገሩን እንደገና በአማርኛ እንዲነግራችሁ አድርጉ፣ ያልገባው ሐሳቡ ይሁን ቋንቋው የምታውቁት እዚያ ላይ ነው።

ሁሉንም ስታዘጋጁ የክፍት ቦታዎቹን ርዝመት እኩል አድርጉ። ለ«ግን» አጭር መስመር፣ ለ«ምክንያቱም» ረጅም መስመር የሚያሰምር ሰው መልሱን በመስመር ነው የጻፈው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርም ምንም ሳትነኩ ተዉት፣ ልጁ ወሬው ስለምን እንደሆነ ሳያውቅ ትስስር ሊፈልግ አይችልም።